የኮንዳክቲቪቲ ሜትርን የሴል ኮንስታንት በስታንዳርድ ሶሉሽን መወሰንና የሙቀት ማካካሻን በትክክል መጠቀም

አንድ የጉድጓድ ውሃ ናሙና በሁለት ላቦራቶሪዎች ተለክቶ በአንዱ 1204፣ በሌላው 1320 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲሜትር ሆኖ ሲገኝ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ናሙናውን ነው። በእኔ ልምድ ግን እንዲህ ያለው ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከመሣሪያው አስተካከል ነው። መሣሪያው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንድንነግረው ይጠብቃል። አንደኛው የሴሉ ቅርጽ ምን ያህል እንደሆነ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የናሙናው አስተላላፊነት ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ልናስተካክል ስንሞክር የአንዱ ስህተት በሌላው ውስጥ ይደበቃል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከተለው አንድ ሐሳብ ነው፦ የሴል ኮንስታንቱ የሚወሰነው ንባቡን ወደ 25 ዲግሪ የሚመልሰው የሙቀት ማካካሻ ጠፍቶ ሲሆን፣ ማካካሻው የሚበራው ኮንስታንቱ ከታወቀ በኋላ ነው።

ለምሳሌነት የወሰድኩት በአዲስ አበባ ባለ አንድ የውሃ ላቦራቶሪ የሚሠራበትን የተለመደ ሁኔታ ነው። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ፕሮቡ ባለ ሁለት ኤሌክትሮድ ነው፣ በላዩ ላይ የተጻፈው የሴል ኮንስታንት 1.0 ነው፣ ናሙናውም ከስምጥ ሸለቆ የመጣ የጉድጓድ ውሃ ነው። በነገራችን ላይ ለኦክስጅን መለኪያ የምናደርገው የከፍታ ማስተካከያ እዚህ አያስፈልግም፤ በአዲስ አበባና በአዋሽ ሸለቆ መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት በኮንዳክቲቪቲ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ለውጡን የሚያመጣው ሙቀቱ ነው።

የሴል ኮንስታንት ምን እንደሆነ

መሣሪያው በቀጥታ የሚለካው በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ያለውን ኮንዳክታንስ ነው። ይህ መጠን በውሃው ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሮዶቹ ስፋትና በመካከላቸው ባለው ርቀትም ይወሰናል። የውሃውን የራሱን ባሕርይ ለማግኘት የተለካው ኮንዳክታንስ በሴል ኮንስታንቱ መባዛት አለበት።

```
κ = K × G        K = κ / G
```

እዚህ ላይ G የተለካው ኮንዳክታንስ፣ κ የሶሉሽኑ ኮንዳክቲቪቲ፣ K ደግሞ የሴል ኮንስታንቱ ሲሆን አሃዱ አንድ በሴንቲሜትር ነው። እያንዳንዳቸው 1 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ሳህኖች በ1 ሴንቲሜትር ርቀት ቢቀመጡ፣ በወረቀት ላይ K 1 ይሆናል። በተግባር ግን የኤሌክትሪክ ፍሰቱ በሳህኖቹ መካከል ብቻ ሳይወሰን በጠርዞቻቸው ዙሪያ ጠምዘዝ ብሎ ስለሚያልፍ ቁጥሩን በማስመሪያ ለክቶ ማግኘት አይቻልም። ደግሞም ኤሌክትሮዱ ሲቆሽሽ፣ የላዩ ጥቁር የፕላቲኒየም ሽፋን ሲረግፍ ወይም ፕሮቡ ተመቶ ሳህኖቹ ትንሽ ሲጠጋጉ ቁጥሩ ይለወጣል። ስለዚህ አስተላላፊነቱ በትክክል የሚታወቅ ሶሉሽን ይወሰዳል፣ G ይለካል፣ K ደግሞ በስሌት ይገኛል።

ስታንዳርዱን ማዘጋጀት

ለዚህ ሥራ የሚውለው የታወቀ ጨው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ለተራ የመጠጥና የጉድጓድ ውሃ በጣም የሚስማማው 0.01 ሞላር የሆነው ስታንዳርድ ሲሆን፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1413 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲሜትር ያስነብባል። በጠርሙስ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን መግዛት ይቻላል፤ ሲገዛ የሚያበቃበትን ቀን ማየት፣ ጠርሙሱ ከተከፈተም የተከፈተበትን ቀን በላዩ መጻፍ ያስፈልጋል። የሚፈለገው ሶሉሽን በትንሽ ቢከር ተቀድቶ ይወሰዳል እንጂ ፕሮቡ በጠርሙሱ ውስጥ አይነከርም፤ በቢከሩ የቀረውም ወደ ጠርሙሱ አይመለስም።

በራስዎ የሚያዘጋጁ ከሆነ ንጽሕናው የተረጋገጠ ፖታሲየም ክሎራይድ በ105 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ2 ሰዓት ያድርቁ፣ በዴሲኬተር ውስጥም እስኪቀዘቅዝ ያቆዩት። ከዚያ 0.7456 ግራም በትክክል መዝነው በ1 ሊትር ቮሉሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ በዲስቲልድ ወይም ዲአዮናይዝድ ውሃ ይሟሙት፣ ውሃው ወደ 25 ዲግሪ ሲደርስም እስከ ምልክቱ ይሙሉት። የሚጠቀሙበት ውሃ ራሱ ከ1 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲሜትር ብዙ መብለጥ የለበትም። ለሁለተኛ ማረጋገጫ የሚያገለግለው 0.1 ሞላር ስታንዳርድ 7.456 ግራም በሊትር ይፈልጋል፤ በ25 ዲግሪ የሚሰጠው ዋጋም 12.88 ሚሊ ሲመንስ በሴንቲሜትር ነው።

ከእነዚህ አነስ ያለው 0.001 ሞላር ስታንዳርድ በ25 ዲግሪ 147 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲሜትር ነው። እሱን የማዘጋጀው ግን በጣም ሲያስፈልግ ብቻ ነው። በ1413 ላይ የውሃው የራሱ 1 ማይክሮ ሲመንስ ሊቆጠር የማይችል ነው፤ በ147 ላይ ግን አንድ በመቶ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም። ሶሉሽኑ ክፍት ሆኖ ሲቆይም ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዋጋውን ቀስ በቀስ ከፍ ያደርገዋል። እስከ ጥቂት ሺህ ማይክሮ ሲመንስ ለሚደርሱ ውሃዎች ሴሉን በ1413 ወስኖ በሌላ ስታንዳርድ ማረጋገጥ ይበቃል።

ከመለካት በፊት፦ የፕሮቡ ንጽሕናና ቴርሞሜትሩ

ፕሮቡን በዲስቲልድ ውሃ ያጥቡ። ኤሌክትሮዱ ጥቁር የፕላቲኒየም ሽፋን ያለው ከሆነ በጨርቅም ሆነ በብሩሽ በፍጹም አይታሽ። ያ ጥቁር ሽፋን ቆሻሻ አይደለም፤ የኤሌክትሮዱን የመገናኛ ስፋት አብዝቶ ፖላራይዜሽንን የሚቀንሰው እሱ ነው። አዲስ ባልደረባ «እንዴት እንዲህ ጠቆረ» ብሎ በሶፍት ሲፈገፍገው አይቻለሁ፤ በዚያ ቀን የሴሉ ኮንስታንት ተለወጠ፣ ፕሮቡም ከዚያ በኋላ ከፍ ባለ ኮንዳክቲቪቲ ላይ ትክክለኛ ንባብ መስጠት አልቻለም። የካልሲየም ቅርፊት ከያዘው ለጥቂት ደቂቃ በቀጠነ አሲድ ውስጥ አቆይቶ በብዙ ውሃ ማጠብ ይቻላል፤ ቅባት ካለበት ቀለል ባለ የላቦራቶሪ ሳሙና ይታጠባል። የትኛው እንደሚስማማ የፕሮቡ መመሪያ ይናገራል።

ቀጥሎ የሚመረመረው ቴርሞሜትሩ ነው፤ ብዙዎች የሚያልፉት ደረጃ ይህ ነው። ኮንዳክቲቪቲ በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 2 በመቶ ስለሚለወጥ በቴርሞሜትሩ ላይ ያለ የግማሽ ዲግሪ ስህተት በቀጥታ የ1 በመቶ ስህተት ሆኖ በውጤቱ ላይ ይገባል። ፕሮቡንና ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ቴርሞሜትርን በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጎን ለጎን ያስገቡ፣ ውሃውን በቀስታ እያማሰሉ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ሁለቱን ንባቦች ያነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ0.2 ዲግሪ ከበለጠ ማስተካከያው በመሣሪያው ውስጥ ይግባ፤ መሣሪያው ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ልዩነቱን በመዝገቡ ላይ ጽፎ ለስሌቱ የተረጋገጠውን ቴርሞሜትር ንባብ መጠቀም ነው።

የሙቀቱን ዳሳሽ በተመለከተ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ዳሳሹ በአብዛኛው በፕላስቲክ ወይም በመስታወት አካል ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ከውሃው ዘግይቶ ይሞቃል፣ ዘግይቶም ይቀዘቅዛል። ፕሮቡ ከሞቀ ናሙና ወጥቶ ቀዝቃዛ ስታንዳርድ ውስጥ ቢገባ ኤሌክትሮዶቹ ወዲያው የስታንዳርዱን ኮንዳክቲቪቲ ያነባሉ፤ የሙቀት ንባቡ ግን ለደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ማካካሻው ጠፍቶ ሳለ የኮንዳክቲቪቲ ቁጥሩ ቆሞ የሙቀት ቁጥሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱም እስኪቆሙ ድረስ ምንም አይጻፍ።

የሴል ኮንስታንቱን መወሰን

በመጀመሪያ በመሣሪያው ቅንብር ውስጥ ገብተው የሴል ኮንስታንቱን 1.000 ያድርጉ፣ የሙቀት ማካካሻውንም ያጥፉ። አንዳንድ መሣሪያ «ማጥፊያ» የሚል ምርጫ የለውም፤ በዚያን ጊዜ የሙቀት ኮፊሸንቱ 0.00 %/°C ቢደረግ ያው ነው። አሁን በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ያልተነካ ኮንዳክታንስ ነው ማለት ነው።

ዋተር ባዝ ካለ በ25 ዲግሪ ላይ አስተካክለው ስታንዳርዱን በውስጡ ያቆዩት፤ ሥራው ይቀልላል፣ ስሌቱም ያጥራል። ከሌለም ሥራው አይቆምም። ስታንዳርዱንና ፕሮቡን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ከፀሐይና ከመስኮት ነፋስ ርቆ ካቆዩዋቸው፣ ቢከሩንም ውሃ በሞላ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ካስቀመጡት ሙቀቱ ለመለካት በሚበቃ ሁኔታ ጸንቶ ይቆያል። ሙቀቱ በትክክል ይታወቅ እንጂ የግድ 25 ዲግሪ መሆን የለበትም።

ፕሮቡን ሁለት ጊዜ በዲስቲልድ ውሃ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ በራሱ በስታንዳርዱ አለቅልቀው ያለቀለቁበትን ይድፉት። ከዚያ አዲስ ስታንዳርድ በረዘም ያለ ቢከር ቀድተው ፕሮቡን ያስገቡ። የሶሉሽኑ ከፍታ በፕሮቡ ጎን ካለው የአየር መውጫ ቀዳዳ በላይ መሆን አለበት፤ ፕሮቡም ከቢከሩ ግድግዳና ወለል ቢያንስ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ፤ ምክንያቱም በጠርዝ በኩል የሚጠማዘዘው ፍሰት ከመስታወቱ ጋር ሲጋጭ ኮንስታንቱ ራሱ ይለወጣል። ፕሮቡን ቀስ ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች በማድረግ የአየር አረፋውን ያስወጡ። በኤሌክትሮዶቹ መካከል የቀረች አንዲት አረፋ ንባቡን ዝቅ ታደርጋለች፣ በስሌቱም ኮንስታንቱን ከእውነተኛው በላይ ታወጣለች። ፕሮቡን አነቃንቀው ቁጥሩ በድንገት ከፍ ካለ አረፋ እንደነበረ ይወቁ።

ንባቡ ሲቆም ኮንዳክታንሱንና ሙቀቱን አብረው ይጻፉ። ስታንዳርዱን ደፍተው በአዲስ ቀድተው ይድገሙ፤ በአጠቃላይ ሦስት ጊዜ ይለካል። በእኛ ምሳሌ በ20.4 ዲግሪ 1243፣ 1241 እና 1242 ማይክሮ ሲመንስ ተገኘ፤ አማካዩ 1242 ነው።

አሁን የስታንዳርዱ ዋጋ በ20.4 ዲግሪ ስንት እንደሆነ ያስፈልጋል። በጠርሙሱ ላይ በትልቁ የተጻፈው 1413 በ25 ዲግሪ ብቻ እውነት ነው። ለ0.01 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ የሚያገለግሉት ዋጋዎች በማይክሮ ሲመንስ በሴንቲሜትር እነዚህ ናቸው።

```
15 °C   1147
18 °C   1225
20 °C   1278
21 °C   1305
22 °C   1332
23 °C   1359
24 °C   1386
25 °C   1413
```

በ20 እና በ21 መካከል ያለው ልዩነት 27 ነው፤ ስለዚህ በ20.4 ዲግሪ ዋጋው 1278 ላይ የ27 አራት አሥረኛ ተደምሮ 1288.8 ይሆናል። ቀሪው ማካፈል ብቻ ነው።

```
K = 1288.8 / 1242 = 1.038
```

ይህ 1.038 የዚህ ፕሮብ የሴል ኮንስታንት ነው። አምራቹ 1.0 ብሎ የጻፈው የሴሉን ዓይነት ለመለየት ስለሆነ የጥቂት በመቶ ልዩነት መኖሩ ጉድለት አይደለም። ከ1.0 በ10 በመቶና ከዚያ በላይ ከራቀ ግን ከመቀበል በፊት ስታንዳርዱን፣ አረፋውንና የማካካሻውን ቅንብር እንደገና መመርመር ይገባል።

የእኔ ስህተት የት እንደነበረ

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የቀደመኝ ባልደረባ ለመድኃኒት ሥራ የሚውል ንጹህ ውሃ ለመለካት ማካካሻውን አጥፍቶት ነበር፤ ለዚያ ዓይነት ውሃ አሠራሩ ያልተካካሰ ንባብ ስለሚጠይቅ እሱ የሠራው ትክክል ነበር። እኔ ግን ቅንብሩን ሳላይ ስታንዳርዱን በክፍሉ ሙቀት ላይ አስገብቼ መሣሪያው 1413 እንዲያነብ አደረግሁት። በዛሬው ምሳሌ ቁጥሮች ብናሰላው ይህ ማለት 1413 ለ1242 ተካፍሎ ኮንስታንቱ 1.138 ሆነ ማለት ነው፤ ከትክክለኛው በ9.6 በመቶ ይበልጣል። ከዚያ ማካካሻውን አብርቼ የጉድጓድ ውሃዎቹን ለካሁ፣ ሁሉም በዚያው መጠን ከፍ ብለው ተመዘገቡ።

ስህተቱ የተገኘው ከሌላ ምርመራ ጋር በማነጻጸር ነው። በተራ ውሃ ውስጥ የካታዮኖች ድምር በሚሊ ኢኩቫለንት በሊትር ተሰልቶ በ100 ሲባዛ ከኮንዳክቲቪቲው ጋር በግምት ይቀራረባል። ለአንድ ናሙና እስከ 10 በመቶ መለያየት ሊያጋጥም ይችላል። የእኛዎቹ ናሙናዎች ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ በአንድ አሥረኛ ያህል ያዘነበሉ ነበሩ፤ የካታዮኖቹ ድምር 12.0 የሆነው ውሃ ኮንዳክቲቪቲው 1320 ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ናሙናዎቹ የተለያየ ቦታ ሆነው ሳለ ስህተታቸው አንድ ዓይነት ሲሆን ምንጩ መሣሪያው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታንዳርድ ከመቅዳቴ በፊት የማካካሻውን ቅንብር አይቼ በመዝገቡ ላይ እጽፋለሁ።

ኮንስታንቱን በሁለተኛ ስታንዳርድ ማረጋገጥ

ኮንስታንቱን ካገኙ በኋላ ሌላ የጨው መጠን ባለው ስታንዳርድ ይፈትኑት። በምሳሌያችን 0.1 ሞላሩ በ20.4 ዲግሪ 11.77 ሚሊ ሲመንስ በሴንቲሜትር መሆን አለበት፤ በ20 ዲግሪ 11.67፣ በ21 ዲግሪ 11.91 መሆኑን ይዘን ነው ይህን የምናሰላው። የተለካው ኮንዳክታንስ 11.31 ሚሊ ሲመንስ ሲሆን ኮንስታንቱ 1.041 ይወጣል። ከ1.038 ያለው ልዩነት 0.3 በመቶ ገደማ ስለሆነ ሴሉ በዚህ ክልል ውስጥ ይታመናል።

ልዩነቱ ከ1 በመቶ ሲያልፍ አቅጣጫው ምክንያቱን ይናገራል። የጨው መጠኑ ከፍ ባለው ስታንዳርድ የተገኘው ኮንስታንት ጎልቶ ከበለጠ የፖላራይዜሽን ምልክት ነው፤ በኤሌክትሮዱ ላይ የሚከማቹት አዮኖች ተጨማሪ ተቃውሞ ሆነው G ዝቅ እንዲል ያደርጋሉ። ኤሌክትሮዱ ቆሽሿል ወይም ጥቁር ሽፋኑ አልቋል፤ አለዚያም ውሃው ለዚህ ሴል ከአቅም በላይ ነው፣ ኮንስታንቱ 10 የሆነ ወይም ባለ አራት ኤሌክትሮድ ፕሮብ ያስፈልገዋል። በሻላ ሐይቅ ዓይነት ጨዋማና ሶዳ የበዛበት ውሃ ላይ ይህ ፈጥኖ ይታያል። በተቃራኒው በዝቅተኛው ስታንዳርድ የተገኘው ኮንስታንት ካነሰ ብዙውን ጊዜ ሶሉሽኑ ተበክሏል፤ ከቀደመው ጠንካራ ስታንዳርድ በፕሮቡ ላይ የቀረች ጠብታ ለዚህ ትበቃለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ከቀጭኑ ወደ ጠንካራው መለካት ይሻላል።

ስታንዳርዱን ራሱ አውቆ የሚያስተካክል መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ይህን ሁሉ ማለፍ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ለፖታሲየም ክሎራይድ የሙቀት ሰንጠረዥ በውስጡ ስላለው በአግባቡ ሲሠራ ጥሩ ነው፤ ሆኖም መፈተን አለበት። አስተካክለው ከጨረሱ በኋላ ማካካሻውን አጥፍተው ያንኑ ስታንዳርድ አንድ ጊዜ በ15፣ አንድ ጊዜ በ25 ዲግሪ ይለኩ። 1147 እና 1413 ከሰጠ ኮንስታንቱም ቴርሞሜትሩም ደህና ናቸው። በሁለቱም ላይ በተመሳሳይ በመቶኛ ከሳተ ኮንስታንቱ ነው የተሳሳተው፤ በአንዱ ላይ ብቻ ከሳተ ቴርሞሜትሩን ይመርምሩ።

አሁን የሙቀት ማካካሻው

ኮንስታንቱ 1.038 ሆኖ ከገባ በኋላ መሣሪያው በማንኛውም ሙቀት ትክክለኛውን ኮንዳክቲቪቲ ያነባል። ማካካሻው የሚመልሰው ጥያቄ «ይህ ውሃ 25 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ስንት ይሆን ነበር» የሚለውን ነው። የተለመደው ቀጥተኛ ቀመር ይህ ነው።

```
κ25 = κT / (1 + α × (T − 25))
```

α የሙቀት ኮፊሸንቱ ሲሆን የሚለያየው እንደ ሶሉሽኑ ነው። ለ0.01 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ በዚህ ክልል 1.91 በመቶ በዲግሪ ነው። ስታንዳርዱን በዚህ ብንፈትነው 1288.8 ለ0.912 ሲካፈል 1413 ይመለሳል፤ ኮንስታንቱና ማካካሻው አብረው እንደሚሠሩ የምናረጋግጠው በዚህ ነው። ተፈጥሯዊ ውሃ ግን ፖታሲየም ክሎራይድ አይደለም፤ ባይካርቦኔት፣ ሶዲየምና ካልሲየም የበዙበት ስለሆነ ኮፊሸንቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 በመቶ ከፍ ይላል። በአይኤስኦ 7888 መስፈርት የተቀመጠው የተፈጥሮ ውሃ ማካካሻ ቀጥተኛ መስመር ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በእሱ መሠረት በ20 ዲግሪ የተለካ ውሃ ወደ 25 ለመቀየር በ1.116 ይባዛል፣ በ1.91 በመቶ ግን ብዜቱ 1.106 ይሆናል። በ5 ዲግሪ ርቀት ልዩነቱ 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። ርቀቱ ሲሰፋ ግን ስህተቱ አብሮ ይሰፋል። ለእጅግ ንጹህ ውሃ ደግሞ ኮፊሸንቱ ከ5 በመቶ ስለሚበልጥና በፍጥነት ስለሚለዋወጥ ይህ ቀመር አይሠራለትም።

አንድ ዓይነት ውሃ ደጋግመው የሚለኩ ከሆነ የራሱን α ማግኘት ይሻላል፣ ከባድም አይደለም። ናሙናውን በሚገባ በሚዘጋ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ማካካሻው ጠፍቶ ሳለ በ20፣ በ25 እና በ30 ዲግሪ ይለኩት። የእኛ የጉድጓድ ውሃ 1082፣ 1204 እና 1329 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲሜትር ሰጠ።

```
α = (1329 − 1082) / (1204 × 10) = 0.0205
```

በመሣሪያው ውስጥ የሚገባው 2.05 %/°C ነው። በክፍሉ ሙቀት በ20.4 ዲግሪ ተለክቶ ማካካሻው ሳይኖር 1092 ቢሰጥ፣ በዚህ ኮፊሸንት 1206 ይሆናል፤ በ25 ዲግሪ በቀጥታ ከተገኘው 1204 የራቀው በ2 ብቻ ነው።

ውሃው ከጉድጓዱ ሞቅ ብሎ ሲወጣ ጉዳዩ ይከብዳል። ይኸው ውሃ በቧንቧው አፍ ላይ 41 ዲግሪ ሆኖ ያለ ማካካሻ 1620 ቢያነብ፣ በ2.05 በመቶ ስናሰላው 1220፣ በ1.91 በመቶ ደግሞ 1241 ይወጣል፤ ሁለቱም ከ1204 ይበልጣሉ። ምክንያቱም የኮንዳክቲቪቲው አጨማመር ከሙቀቱ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ስለሆነ በ20ና በ30 መካከል የተገኘ ቀጥተኛ መስመር እስከ 41 ድረስ አይደርስም። በሜዳ ላይ መፍትሔው ናሙናውን እስከ አፉ በሞላና በጥብቅ በተዘጋ ጠርሙስ ይዞ፣ ጠርሙሱን በቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ አድርጎ ወደ 25 ዲግሪ ሲቀርብ መለካት ነው። መሙላቱና መዝጋቱ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃው ሲወጣ ካልሲየም ካርቦኔት ሊዘቅጥ ይችላል፣ ያን ጊዜ የምንለካው ሌላ ውሃ ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት በወለሉ ላይ ነጭ ዝቃጭ ከታየ ያ ናሙና ለኮንዳክቲቪቲ አይሁን።

ሁለት ጊዜ ማካካስም በተደጋጋሚ የማየው ስህተት ነው። መሣሪያው አካክሶ 1204 ብሎ የሰጠውን ቁጥር መዝጋቢው እንደገና በኮምፒውተር ላይ በቀመሩ ሲያካፍለው 1329 ይሆናል። ለመለየት ስክሪኑን መመልከት ይበቃል፤ ቢከሩን በእጅዎ ይዘው ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲያሞቁት ቁጥሩ ባለበት ከቆየ ማካካሻው በርቷል፣ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ከጨመረ ጠፍቷል። የማመሳከሪያ ሙቀቱም ይታይ፤ አንዳንድ መሣሪያ በ20 ዲግሪ ላይ ተስተካክሎ ይመጣል፣ ያንኑ ውሃም ከ25 ዲግሪው በ10 በመቶ ገደማ አሳንሶ ያሳያል።

በመዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን የስታንዳርዱ መለያና ሙቀት፣ የተገኘው K፣ የማካካሻው ሁኔታና የተጠቀሙበት α ይጻፋል። ኮንስታንቱን በየቀኑ መለወጥ አያስፈልግም፤ ጠዋት ስታንዳርዱን ለክቶ በ1 በመቶ ውስጥ ከሆነ እንደነበረ ይቀጥላል፣ ካልሆነ መጀመሪያ ፕሮቡ ይታጠባል፣ ከዚያም በኋላ ካልተመለሰ K እንደገና ይወሰናል። ለደንበኛው የሚሰጠው ውጤት ደግሞ ሙቀቱን ሳይጠቅስ አይወጣም፤ የእኛው ናሙና የሚጻፈው እንዲህ ነው።

```
κ25 = 1204 µS/cm   K = 1.038 cm⁻¹   α = 2.05 %/°C
```